ዘጠና ሰከንድ ለአብድዩ

ቡሪ፣ የካርቱሟ ሰፈር፣ ከቀትር በኋላ ትተኛለች። የዙሁር ሶላት ካለቀ ወዲያ ባለሱቁ መጋረጃውን ይጥላል፤ የሪክሻ ነጂው እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ያንቀላፋል፤ ውሻው እንኳ ጥላውን እየተከተለ ከግንብ ግንብ ይዛወራል እንጂ አይጮኽም። ከዙሁር እስከ ዓስር ሶላት ባለው በዚያ የእንቅልፍ ሰዓት ዮሳቤጥ መጻሕፍትን በየተራ ወደ ክፍሏ ታስገባለች። ለእያንዳንዱ ያላት ጊዜ ዘጠና ሰከንድ ነው።

መጀመሪያ ፍራሹን አንሥታ በሩ ላይ ታስደግፋለች። ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ ትሰቅላለች። ስልኳን ሁለት ትራስ ላይ ታቆምና ትንሿን ማይክራፎን የሽማግሌው መምህር የየኔታ ንጋቱ ነጠላ ላይ ትሰካለች። መጨረሻ ላይ በውሃ የሚሠራውን የአየር ማቀዝቀዣ ታጠፋለች። እሱ ሲጠፋ ክፍሉ ውሃ ውስጥ እንደገባ ጆሮ ድፍን ይላል። ሙቀቱ ከጣሪያው ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አንድ መጽሐፍ እስኪነገር ድረስ ሰው ይችለዋል፤ ከዚያ በላይ አይቻልም። የኔታ ተናግረው ሲጨርሱ ማቀዝቀዣው ይበራል፤ ሽማግሌው ነጠላቸውን ገልጠው ደረታቸውን ለነፋሱ ይሰጣሉ፤ ዮሳቤጥም በዚያ የእርጥብ ጭድ ሽታ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ቀጣዩን መጽሐፍ ትጠብቃለች።

ሐሳቡ የእሷ አልነበረም። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ስልክ የሚጠግነው ዘማርያም የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነው፤ እሱ ነው ያመጣው። እዚህ የተወለዱት ልጆች ዐረብኛው ይቀላቸዋል፤ ስብከት ሲጀመር ጣሪያ ይቆጥራሉ፤ ስልክ ላይ ግን ዓይናቸው አይነቀልም።

«ቅዱሳት መጻሕፍትን ከዘፍጥረት እስከ ራእይ በተራቸው» አላት፣ «ለእያንዳንዱ አንድ አጭር ቪዲዮ። በየእሑዱ አንድ እንለቃለን። የምንለቅበት ቦታ ከዘጠና ሰከንድ በላይ አይቀበልም። አንቺ ዕቅዱን ሥሪ፤ ይህን ነው የተማርሽው።»

የተማረችው እውነት ይህንን ነው። ቡሪ ተወልዳ በዐሥራ አራት ዓመቷ ለአጎቷ ተልካ ኖርዌይ አድጋለች፤ ፊልም መቁረጥና መቀጠል የተማረችው እዚያ ነው። እምነቷንም የጣለችው እዚያው ነው፤ እንደ ጓንት፣ መቼና የት እንደወደቀ ሳታውቅ። ለሦስት ወር ብላ ካርቱም የመጣችው ዓመት አልፏታል። ለምን እንደቆየች የሚጠይቃት ቢኖር የምትመልሰው የላትም፤ ለምን እንደማትሄድም እንዲሁ።

«እኔ ምን እንደማምን ታውቃለህ» አለችው።

«አላውቅም። አንቺስ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ተስማምተናል» አለ ዘማርያም፣ የተከፈተ ስልክ ላይ እንዳጎነበሰ። «ድምፁ የየኔታ ይሆናል። አንቺ ሰዓቱን ያዢ።»

የየኔታ ንጋቱን ድምፅ በካርቱም ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ልጆች ሲጠመቁ፣ ሙሽሮች ሲመረቁ፣ በባዕድ አፈር የሚቀበሩ ሰዎች ሲሸኙ ሠላሳ ዓመት ተሰምቷል። አሁን ግን ድምፁ ተሰንጥቋል። ከወር በፊት ሶባ ያለው ሐኪም ቤት ይዛቸው የሄደችው ዮሳቤጥ ነበረች፤ ሐኪሙ የተናገረውን ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የመለሰችውም እሷ ናት።

«ማንቁርትዎን እናወጣዋለን ይላል፣ የኔታ። ሕይወትዎ ይቀጥላል። ድምፅዎ ግን እንደ ድሮው አይመለስም።»

ሽማግሌው «መቼ?» ብለው ጠየቁ፤ እንደ መንገደኛ።

ቀኑ ሲቆረጥ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀረ። ሐኪሙ በቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢናገሩ አይከለክላቸውም። ዮሳቤጥ ተቀምጣ አሰላች። አንድ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ቢሞከር፣ በቀን ስድስት መጽሐፍ ይቀዳል። ስድስት በዐሥራ አንድ ቀን ስድሳ ስድስት። ስልኳ ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስም ስድሳ ስድስት መጻሕፍት ቆጥሮ አሰለፈላት። እንደዚያ ልክ በልክ ሲገጥምላት፣ ምንም ባታምንም አንድ ነገር ያሰበላት መሰላት።

የመጀመሪያው ቀን ዘፍጥረት ሃያ ደቂቃ ወሰደ።

«የኔታ፣ ዘጠና ሰከንድ ነው ያልነው።»

«ብርሃን ይሁን ላይ ገና መድረሴ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ እግዜር ስድስት ቀን የፈጀበትን እኔ በአንድ ደቂቃ ተኩል?»

ስለዚህ ጽሑፉን እሷ ማዘጋጀት ጀመረች። የኔታ በዝግታ ሲያነቡ መቶ ስድሳ ቃል ዘጠናውን ሰከንድ ይሞላል፤ ይህን በሙከራ ደረሰችበት። መቶ ስድሳውን ቃል በሦስት ጥያቄ ከፈለችው፦ መጽሐፉ ከየት ይነሣል? ምን ይሆናል? የት ያደርሰናል? የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ ለሚቀጥለው መጽሐፍ በር ትከፍታለች። ዘፍጥረት ዮሴፍ በግብፅ ምድር ሣጥን ውስጥ ሆኖ ያልቃል፤ ዘጸአት ከዚያው ከግብፅ ይነሣል። በዘዳግም መጨረሻ ሙሴ ተራራ ላይ ቆሞ የማይገባባትን ምድር ያያል፤ ኢያሱ ወንዙን ይሻገራል። የኔታ ይህን ሲያዩ «ይህስ የሰንሰለት ሥራ ነው» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም አልተከራከሩም።

ሰሚም ነበራቸው። ሉጥፊያ ከግቢው ሌላኛው ክፍል የምትኖር የወሎ ሴት ናት፤ ካርቱም ሁለት ሰፈር ሰው ቤት ሠርታ ከቀትር በኋላ በሃፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ትመለሳለች። እግሯን ታጥባ፣ በራቸው ላይ ተደግፋ ታዳምጣለች። ዮሳቤጥ የተማረችው አንድ ደንብ አለ፦ ጽሑፍ የሚፈተነው ጉዳዩን በማያውቅ ሰው አፍ ነው። ሰምቶ በራሱ ቃል ሲደግመው ያልወጣው ነገር፣ ጽሑፉ ውስጥ የለም ማለት ነው።

«ያላ፣ ድገሚልኝ» ትላታለች።

«ሩት ማለት ባሏ ሞቶባት አማቷን አልተውም ያለች ልጅ ናት። ተከትላት ሰው አገር ሄደች፤ እህል ለቀመች፤ ደግ ሰው አገኛት።» ሉጥፊያ እግሯን ዘረጋች። «እኔስ አማቴን ትቼ ነው የመጣሁት። እሷም ደስ ብሏታል።»

«መሳፍንትስ?»

«ሰዎቹ ያጠፋሉ፣ ጠላት ይመጣባቸዋል፣ ያለቅሳሉ፣ አንድ ጀግና ይነሣል፣ ይድናሉ። ከዚያ ደግሞ ያጠፋሉ። ኸረ በአላህ፣ እነዚህ ሰዎች አይማሩም?»

«አይማሩም።»

«እንዲያ ከሆነ ለዚህኛው ዐሥር ሰከንድ ይበቃው ነበር።»

የኔታ ከውስጥ ሲስቁ ሳላቸው ተነሣ፤ የቀኑ ሥራም በዚያው አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱን ዜና መዋዕል ቀዱ። የሁለተኛው መዝጊያ ለዮሳቤጥ ከሁሉ ያማረባት ነበር፤ የፋርሱ ንጉሥ ተነሡና ውጡ ብሎ ያዛል፣ ዕዝራም ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ይጀምራል። መጽሐፍ ለመጽሐፍ እጅ ለእጅ ሲቀባበል። ማቀዝቀዣውን አጥፍታ «ዕዝራ» ብላ ወረቀቱን ሰጠቻቸው።

የኔታ ወረቀቱን አዩት። አገላበጡት።

«ኩፋሌስ?»

«ምን?»

«ኩፋሌና ሄኖክ። የት ጣልሻቸው?»

ሙቀቱ እየወረደ ነበር። ዮሳቤጥ ስልኳን አነሣችና የመጻሕፍቱን ሰልፍ ከላይ እስከ ታች አየችው። ስድሳ ስድስት። በልጅነቷ፣ እዚሁ ቡሪ፣ እኚሁ ሰው ፊት ቆማ «ሰማንያ አሐዱ» ብላ በዜማ ስትመልስ ትዝ አላት፤ ትዝታው ግን ከሌላ ሰው ሕልም የመጣ ይመስል ነበር። እንዴት ዘነጋችው? እንዴትስ ዘማርያም ሳያየው አለፈ? ስልኩ የሌላ ቤት መጽሐፍ ሰጥቷታል፤ እሷም ልክ በልክ ሲገጥምላት ጊዜ አላጣራችም።

«ዐሥራ አምስት ጎድለዋል» አለች።

«ማቀዝቀዣውን አብሪው» አሉ የኔታ።

በማግስቱ ምንም አልተቀዳም። ዘማርያም የቤተ ክርስቲያኑን ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ፤ ሦስቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ማውጫውን ገለጡ። እዚያም አንድ ነገር ጠበቃት። ሰማንያ አንድ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር አለው። የኔታ የተማሩት ብሉዩን አርባ ስድስት፣ ሐዲሱን ከስምንቱ የሥርዓት መጻሕፍት ጋር ሠላሳ አምስት አድርጎ ነው። የታተመው መጽሐፍ ግን ስምንቱን ሳይጨምር፣ ብሉዩን ዘርዝሮ አምሳ አራት ያደርገውና ሐዲሱን ሃያ ሰባት ብሎ ያው ሰማንያ አንድ ይደርሳል።

«የቱ ነው ትክክል?» አለች ዮሳቤጥ።

«ሁለቱም ሰማንያ አንድ ነው።»

«ግን የኔታ፣ መጻሕፍቱ አንድ አይደሉም።»

«ቁጥሩ አንድ ነው። አባቶች ቁጥሩን ጠብቀው ነው የተከራከሩት።» ጣታቸውን ማውጫው ላይ አሳረፉ። «በታተመው እንሂድ። ልጆቹ እጃቸው ላይ የሚያገኙት ይህን ነው። የሥርዓቱ መጻሕፍት ለትልልቆቹ ይቆዩ።»

የቀረውን ጊዜ ስታሰላ ግን የሚገጥም ነገር አልነበረም። ዐሥራ አራት ተቀድቷል፤ ስድሳ ሰባት ይቀራል፤ ሰባት የቅጂ ቀን አለ። ድምፃቸውም ከስድስት ወደ አምስት፣ ምናልባት ወደ አራት እየወረደ ነው።

ስለዚህ ዕቅዷን እንደ ፊልም ሰው አሰበችው። ፊልም በተራ አይቀረጽም። መጨረሻው መጀመሪያ ይቀረጻል፣ መሐሉ መጨረሻ፤ በተራ የሚያስቀምጠው ቆራጩ ነው። «ከሳቸው በቀር ማንም በዘጠና ሰከንድ ሊናገራቸው የማይችላቸውን አስቀድመን እንቅዳ» አለች። «ሄኖክን፣ ኩፋሌን፣ ሦስቱን መቃብያን፣ ራእይን። የጳውሎስን መልእክታት በኋላ ማንም ያነባቸዋል። የምንለቀው በተራው ነው፤ የምንቀዳው ግን የግድ በተራው መሆን የለበትም።»

ዘማርያም ራሱን ነቀነቀ። «አዲስ አበባ የማውቀው ሰባኪ አለ፤ ጥሩ ድምፅ አለው። የጎደሉትን ቀድቶ ይልክልናል።»

የኔታ ማውጫውን እያዩ ነበር።

«በተራው ነው የምቀዳው» አሉ።

«የኔታ፣ በተራው ከሄድን ወንጌልም አይደርስዎትም።»

«አይደርሰኝም።»

«እና?»

«ቀዳዳ ትቼ አልሄድም። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ቀዳዳ ብተው፣ የሚሞላው ሰው ሁልጊዜ በግራና በቀኙ እኔን ይሰማል። በእኔ ልክ ሲቆረጥ ይኖራል። ከደረስኩበት ብቆም ግን ከእኔ ወዲያ ያለው መንገድ የሱ ነው። እንደፈለገ ይሂድበት።»

«ማነው እሱ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ዓይናቸው ሰፊና እርጥብ ነበር፤ ከወንዝ ማዶ እንደሚያይ ሰው። «ሉጥፊያ» ብለው ወደ ውጭ ተጣሩ፣ «የዘማርያም ሰንበት ተማሪዎች አማርኛ ሲያወሩ እንደማን ነው የሚያወሩት?»

ሉጥፊያ ከደጅ ሳትነሣ መለሰች። «እንደ ዮሲ ነዋ። ግማሹን ዐረብኛ፣ ግማሹን እንደ እንግዳ።»

ዮሳቤጥ ሳቀች፤ ሌላው ግን አልሳቀም።

«እኔ? አይሆንም» አለች።

«ይሆናል ወይ ብዬ አልጠየቅሁሽም» አሉ የኔታ። «የሁለተኛው ዜና መዋዕል መዝጊያ ወደ ዕዝራ ነው የሚያደርሰው። አሁን ኩፋሌ መጥቶበታል። ደግመሽ ጻፊው።»

ደግማ ጻፈችው። ኩፋሌ ወደ ፍጥረት መጀመሪያ ይመልሳል፤ መልአኩ ለሙሴ በሲና ሆኖ ሁሉን እንደገና ይነግረዋል። ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተመለሰና ራሱን ከበበ። ከዚያ ሄኖክ ወደ ሰማይ ወጣ፤ የነፋሳትንና የከዋክብትን በሮች አየ። የኔታ ሄኖክን ሲናገሩ ሁለተኛ ሙከራ አላስፈለገም። ድምፃቸው ስንጥቅጥቅ ብሎ፣ ግን ሳይቸኩል፣ ሰማንያ ስምንተኛው ሰከንድ ላይ አረፈ። ሉጥፊያ ድገሚ ስትባል እግሯን ሰበሰበች። «ሰውየው ሄዶ አየ» አለች። «ያየውን ሁሉ ግን በዚህች ሰዓት ሊነግረን አልቻለም።»

ቀኖቹ ከዚያ በኋላ አንዱ ካንዱ አልለይ አሉ። የጦቢት ልጅ ከመልአኩ ጋር ዓሣ ያዘ። ዮዲት ከድንኳኑ ወጣች። ኢዮብ አመድ ላይ ተቀመጠ። መዝሙረ ዳዊት ታሪክ ስለሌለው የኔታ ሁለት ጥቅስ ብቻ መርጠው፣ አንዱን የሚያለቅስ፣ አንዱን የሚስቅ፣ ጎን ለጎን አስቀመጡት። አንድ ቀን ሀቡብ፣ የአሸዋው ማዕበል፣ መጣ፤ ከተማው ቀይ ግድግዳ ሆነ፤ በብርድ ልብሱ ቀዳዳ የገባው ብርሃን ውስጥ አቧራው እንደ ፊደል ሲወርድ ዮሳቤጥ እንቅልፍ ወሰዳት። በሕልሟ መጻሕፍቱ ቡሪ መንገድ ዳር ተሰልፈው ሃፍላ ይጠብቃሉ። ኢሳይያስ ስድሳ ስድስት ምዕራፉን እንደ ዕቃ በራሱ ተሸክሟል፤ ከኋላው አንድ ሃያ አንድ ቁጥር ብቻ ያለው ቀጭን ሰው ባዶ እጁን ቆሟል። ሃፍላው ሲመጣ ረዳቱ ለሁለቱም እኩል ቦታ ሰጠ። ቀጭኑ ሰው ግን አልገባም። እሷን ያያት ነበር።

ነቅታ ማን እንደሆነ አወቀችው፤ አብድዩ ነው። በብሉይ ከሁሉ አጭሩ።

በመጨረሻው ቀን ኢዩኤል ላይ ደረሱ። የኔታ ሁለት ጊዜ ተቋረጡ፤ ሦስተኛው ላይ አንበጣውንና ድርቁን አልፈው «ሽማግሌዎቻችሁም ሕልምን ያልማሉ» የምትለው ላይ ሲደርሱ ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ፤ ግን አልጠፋም። ጨረሱ። ዮሳቤጥ ማቀዝቀዣውን አበራች። ስልኩ ላይ አርባ ስድስት ቅጂ ተሰልፏል። ሠላሳ አምስት ይቀራል።

«ቀጣዩ ማነው?» አሉ፣ እያወቁ።

«አብድዩ።»

«ጻፊው። ነገ ሶባ ስትመጪ አንብቢልኝ።»

«የኔታ፣ የማላምነውን ነገር ለልጆች እንዴት እናገራለሁ?»

«ማመንሽን አይደለም የምትናገሪው። መጽሐፉ ያለውን ነው። ያላለውን አትጨምሪ፤ ያለውን አትዝለዪ። በዘጠና ሰከንድ ከዚያ በላይ የሚጠይቅሽ የለም።»

በማግስቱ ጠዋት ጻፈችው፤ ቀላል ነበር። ኤዶም የያዕቆብ ወንድም ነው፤ ከዔሳው የተወለደ ሕዝብ። በተራራው ከፍታ ተማምኖ ኮራ። ኢየሩሳሌም በጠላት እጅ ስትወድቅ ዘረፈ፤ የሚሸሹትን መንገድ ላይ ጠብቆ አሳልፎ ሰጠ። ስለዚህ ከተራራው ይወርዳል፤ ያደረገው በራሱ ይደረግበታል። መዝጊያውም ለዮናስ በር ይከፍታል፤ ወደ ጠላቱ ከተማ ሂድ ተብሎ በመርከብ ወደሸሸው። መቶ አምሳ ስምንት ቃል።

ሃፍላው ከመሐል ከተማ ሶባ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ከመስኮቱ ውጭ ጠፍጣፋው ምድር በሐሩሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሩቅ ያለው ዛፍ ከሥሩ ተለይቶ ውሃ ላይ የቆመ ይመስላል። ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችው። ቃላቱ አፏ ውስጥ እንግዳ አልሆኑባትም፤ ይህ አስገረማት።

የኔታን በሐኪም ቤቱ ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ በሰማያዊ የሕሙማን ልብስ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ያለ ነጠላ አይታቸው አታውቅም ነበር፤ ትንሽ ልጅ መሰሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለቀዶ ጥገናው ይጠራሉ።

«አንብቢው» አሉ። ነፋስ ብቻ ነበር የሚወጣቸው።

አነበበች። ሰማንያ ሰባት ሰከንድ።

ዛፉ ላይ ያለ ቁራ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«አንዷን ዘልለሻል» አሉ።

«የቷን?»

«ዐሥራ አንደኛዋን። ዝርፊያውን ጽፈሻል፤ የሚሸሹትን ጽፈሻል። መጽሐፉ ጥፋቱን ሲዘረዝር ግን የሚጀምረው ከዚያ አይደለም። በምን ይጀምራል?»

ታውቃለች። ሦስት ጊዜ አንብባው፣ ሦስት ጊዜ ጣቷ አልፎት ሄዷል። «ቆመህ በነበርህበት ቀን» አለች። «ወንድሙ ሲዘረፍ… በአንጻሩ ቆሞ።»

«ለምን ዘለልሻት?»

«ቃል በዛብኝ።»

ሽማግሌው አዩአት። ሁለት ቃል ሲቀራት፣ መቶ ስድሳ ሳትሞላ፣ ቃል በዛብኝ ማለቷን ሁለቱም ያውቁታል።

ዮሳቤጥ ወረቀቱን አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። አባቷ የሞቱት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ በበሽታው ዘመን። ቀብራቸውን ኖርዌይ ሆና፣ ከኩሽናዋ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ፣ በስልክ አየችው። ለጠየቋት ሁሉ አንድ መልስ ነበራት፦ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶ ነበር። ለእናቷ፣ ለዘማርያም፣ ለሉጥፊያም ይህንኑ ብላለች።

«ተከፍቶ ነበር» አለች። «አባቴ ከመታመማቸው ከሳምንት በፊት ተከፍቶ ነበር የኔታ። በረራ ነበር። አልመጣሁም። ፈተና አለብኝ አልኩ፤ ደግሞ ፈራሁ። ቆሜ አየሁት።»

የኔታ ይቅርም አላሉ፣ አልገሠጹም። ጣታቸውን ብቻ ወረቀቱ ላይ አደረጉ፣ «ዘረፈ» ከሚለው ቃል በፊት ባለው ክፍት ቦታ።

«ከዚህ ይገባል» አሉ። «የሰማው ልጅ ዘራፊ አይደለሁም ብሎ እንዳያመልጥ።»

እርሳስ ከቦርሳዋ አወጣች። የመጀመሪያውን ሙከራ ሰረዘችው፤ ረዘመ። ሁለተኛውን አሳየቻቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አይደለም። ሦስተኛውን ሳታሳያቸው ጻፈችው። ቦታ እንዲያገኝ ስለ ተራራው ከፍታ ከተናገረችው ላይ ሰባት ቃል ቆረጠች።

«ቅጂው» አሉ።

«እዚህ? ነፋስ አለ። ቁራውም…»

«ከቀዶ ጥገናው ወጥቼ ላልሰማው እችላለሁ» አሉ፤ «አሁን ግን እሰማዋለሁ፣ እርማትም ካለ አፍ አለኝ።»

ማይክራፎኑን ራሷ ላይ ሰካች። እስከዛሬ ሌላ ሰው ላይ እንጂ ራሷ ላይ ሰክታው አታውቅም፤ ክብደቱ ከጠበቀችው በላይ ነበር። ግቢው ውስጥ ሰዎች ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት የምግብ ዕቃ ይዛ፣ አንድ ሰው የጨረር ፎቶ ወደ ፀሐይ አንሥቶ እያየ። ማንም አላያቸውም። ስልኩን ነካች።

«አብድዩ አጭር መጽሐፍ ነው» ብላ ጀመረች። የራሷን ድምፅ ሰማችው፤ የዐረብኛው ጥላ ያለበት፣ ግማሹ እንግዳ። አላረመችውም። «ስለ ሁለት ወንድማማች ሕዝቦች ይናገራል። አንዱ ጠላት መጣበት። ሌላው በዚያ ቀን ማዶ ቆሞ ነበር። መጽሐፉ ጥፋቱን ሲቆጥር አንድ ብሎ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከመቆሙ። ዝርፊያው ከዚያ በኋላ መጣ…»

ዮናስ መርከብ ላይ ሲወጣ ዘጠና አንድ ሰከንድ ሆነ።

የኔታ አንድ ጣት አነሡ፤ አንድ ሰከንድ። ደገመችው። በሁለተኛው «ማዶ ቆሞ ነበር» ከምትለው በኋላ እንደ መጀመሪያው አልቸኮለችም፤ የተረፋትን ትንፋሽ እዚያ ላይ አሳለፈች፣ መጨረሻው ላይ ግን አንድ ሐረግ ጣለች። ሰማንያ ዘጠኝ።

ነርሷ ከደረጃው ላይ ስማቸውን በዐረብኛ ጠራች። የኔታ ተነሡ። ዮሳቤጥ ክንዳቸውን ያዘች፤ እስከ በሩ አብራቸው ሄደች፤ ከበሩ ወዲያ አላስገቧትም። አንድ ነገር ይላሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ያወጡት ለሌላ ነገር ነበር፤ ነርሷን «ቅደሚ ልጄ» አሏት፣ በአማርኛ፤ ነርሷም የገባት ይመስል ፈገግ ብላ ቀደመች።

ዮሳቤጥ ወደ ዛፉ ተመልሳ ቅጂውን አዳመጠችው። ነፋሱ አለ። ቁራው አንድ ጊዜ፣ «ቆሞ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባለው ዝምታ ውስጥ ጮኋል። ቡሪ ተመልሳ በጸጥታው ሰዓት፣ ፍራሹን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ጥርት አድርጋ ልትደግመው ትችላለች። ሐሳቡ መጣና ጥቂት አብሯት ተቀመጠ።

ከዚያ ቅጂውን እንዳለ ከኢዩኤል ቀጥሎ አስቀመጠችውና ለእናቷ ደወለች።